24 ቦርሳና 2 የሰው ፎቶ፦ የኤዲቲንግ ሥራ ከትዕዛዝ እስከ ርክክብ

ለደንበኛ ፎቶ ኤዲት የሚያደርግ ሰው ሁሉ ይህን መልእክት ያውቀዋል፦ «ጥቂት ፎቶዎች አሉኝ፤ ባክግራውንዱን ነጭ ታደርግልኛለህ? ስንት ነው?» ፎቶዎቹን ሳያዩ ለዚህ ጥያቄ ቁጥር መመለስ አይቻልም። አንዱ ቦርሳ በ10 ደቂቃ ያልቃል፤ ሌላው ሰንሰለትና ዘርፍ ስላለው ብቻ ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል።

ስለዚህ አንድ ሥራ ይዘን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንሂድ። ደንበኛዋ የቆዳ ቦርሳ ትሸጣለች። በድረ ገጽዋ ላይ የሚወጡ 24 የቦርሳ ፎቶዎች አሏት፤ ሁሉም ነጭ ባክግራውንድ ይፈልጋሉ። «ስለ እኛ» ለሚለው ገጽ ደግሞ የራሷ 2 ፎቶዎች አሉ። ፕሮግራሙ ፎቶሾፕ ነው እንበል። በሌላ ፕሮግራም የምትሠሩ ከሆነም አካሄዱ አይለወጥም።

1. ዋጋ ከመናገር በፊት ሁሉንም ፎቶ ተቀበሉ

«ናሙና ልላክልህ» ስትል «ሁሉንም ላኪልኝ» በሏት። ደንበኛ ለናሙና የሚመርጠው ብዙ ጊዜ ቆንጆውን ፎቶ ነው። ቆንጆው ፎቶ ደግሞ ቀላሉ ነው። በእሱ ዋጋ ከተስማማችሁ በኋላ ዘርፍ ያለው ቦርሳ ሲመጣ አፋችሁን ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ፎቶዎቹ ሲመጡ መጀመሪያ የፋይሉን ዓይነት እዩ። ከካሜራው የወጣው ጥሬ ፋይል ካለ እሱን ጠይቁ፤ ቀለም ለማስተካከል ሰፊ ቦታ ይሰጣችኋል። በቻት ተልኮ የተጨመቀ ፎቶ ከሆነ ግን ተቀብላችሁ እንዳትጀምሩ። ሲጎላ ስፌቱ ዙሪያ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይታያሉ፤ ያን የትኛውም ኤዲቲንግ አይመልሰውም። ዋናውን ፋይል እንደገና ታምጣ።

ቀጥሎ ፎቶው የት እንደሚውል ጠይቁ። የመገበያያ ድረ ገጾች የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ለምሳሌ አማዞን ለዋናው የምርት ፎቶ ፍጹም ነጭ ባክግራውንድ ይጠይቃል፤ ይህም RGB 255, 255, 255 ማለት ነው። ዕቃው ከፎቶው 85 በመቶውን መሙላት አለበት። ደንበኛችን የራሷ ድረ ገጽ ስላላት ደንቡን የምታወጣው እሷ ናት። እሷም ባታውቀው በአማዞኑ ልክ መሥራት አያስጸጽትም፤ ነገ ሌላ ቦታ ልትሸጥ ብትል ፎቶዎቹ ዝግጁ ናቸው።

ከትኩረት ውጪ የሆኑ ወይም የቦርሳው ጫፍ የተቆረጠባቸው ፎቶዎች ካሉ አሁኑኑ ተናገሩ። «ይህ እንደገና መነሳት አለበት» የሚለው ቃል ከሥራ በፊት ሲነገር ምክር ነው፤ ከሥራ በኋላ ሲነገር ሰበብ ይመስላል።

2. አራት ፎቶ በሰዓት ለክታችሁ ዋጋ አውጡ

24ቱን ቦርሳዎች በሦስት ክፈሉ፤ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ። ቀላሉ ጠርዙ ለስላሳ የሆነ፣ መያዣው ተጣጥፎ የተቀመጠ ቦርሳ ነው። መካከለኛው ማንገቻው ተዘርግቶ በመሀሉ ክፍተት የፈጠረ ነው። ከባዱ ሰንሰለትና ዘርፍ ያለው ነው። ከየክፍሉ አንድ አንድ ፎቶ፣ ከሰው ፎቶዎቹም አንዱን ውሰዱና የስልካችሁን ሰዓት ቆጣሪ ከፍታችሁ እስከ መጨረሻው ሥሩት። በግምት ሳይሆን በትክክል ለኩ። ሁላችንም ራሳችንን ከእውነታው ፈጣን አድርገን ነው የምናስበው።

የለካችሁት እንዲህ ወጣ እንበል፦ ቀላሉ 12 ደቂቃ፣ መካከለኛው 20፣ ከባዱ 45፣ የሰው ፎቶው 60። ቀላሎቹ 16፣ መካከለኞቹ 6፣ ከባዶቹ 2 ናቸው። ስንደምረው ቦርሳዎቹ 402 ደቂቃ፣ ሁለቱ የሰው ፎቶዎች 120 ደቂቃ፣ በጠቅላላ 522 ደቂቃ ይሆናል።

ብዙ ሰው እዚህ ያቆምና ይከስራል። መልእክት መጻጻፍ፣ ፋይል መለየት፣ ወደ ውጪ ማውጣትና መጫን ጊዜ ይበላል፤ ለዚህ 90 ደቂቃ ያዙ። ደንበኛዋ «ይህን ትንሽ አስተካክልልኝ» የምትልበት ጊዜም ይመጣል፤ ለሱ ደግሞ 120 ደቂቃ። አሁን 732 ደቂቃ ሆነ፤ 12.2 ሰዓት ማለት ነው።

የአንድ ሰዓት ዋጋችሁ በምትጠቀሙበት ገንዘብ 100 ነው ብለን እንሥራው፤ ሥራው 1220 ይሆናል። ከፈለጋችሁ በፍሬ መንገር ትችላላችሁ፦ ቀላሉ 28፣ መካከለኛው 47፣ ከባዱ 105፣ የሰው ፎቶው 140። ተደምሮ ያው 1220 ይመጣል። ደንበኛ በፍሬ ሲነገረው ይመርጣል። «ዘርፍ ያላቸውን ሁለቱን ለጊዜው እንተዋቸው» ማለት ትችላለች፤ እናንተም አትጎዱም።

የሰዓት ዋጋችሁን ስታወጡ አንድ ነገር አስቡ። ቀኑን ሙሉ የምትሠሩት ሁሉ አይከፈልበትም። ደንበኛ መፈለግ፣ ሒሳብ መያዝ፣ መማር አለ። ለወር የሚያስፈልጋችሁን ገንዘብ ስታካፍሉ በሥራ ሰዓቱ ግማሽ አካፍሉ፤ ሙሉውን ከወሰዳችሁ ዋጋችሁ አያኖራችሁም።

ዋጋውን በጽሑፍ ላኩ። የፎቶው ብዛት፣ የሚሠራው ሥራ፣ የማስተካከያው ዙር ብዛት፣ የርክክቡ ቀን፣ የቀብዱ መጠን ይኑርበት። እኔ ግማሹን ቀብድ እቀበላለሁ፤ ቀሪው ከመጨረሻው ፋይል በፊት ነው። ሁለት የማስተካከያ ዙር በዋጋው ውስጥ ነው፤ ሦስተኛው በሰዓት ይከፈላል።

3. ቀለሙን ከመቁረጥ በፊት

ወደ መቁረጡ ከመግባታችሁ በፊት 24ቱን ጥሬ ፋይሎች አንድ ላይ ክፈቱ። ፎቶ አንሺው ግራጫ ካርድ አስቀምጦ ያነሳው ፎቶ ካለ ዕድለኛ ናችሁ። የዋይት ባላንሱን መሣሪያ ካርዱ ላይ ጠቅ አድርጉና በዚያው ብርሃን ለተነሱት ሁሉ ገልብጡት። ካርድ ከሌለ በፎቶው ውስጥ ነጭ ወይም ግራጫ መሆን ያለበት ነገር ፈልጉ። የቦርሳው ብረት አያዋጣም፤ የአካባቢውን ቀለም ስለሚያንጸባርቅ ያሳስታችኋል።

ቡናማ ቆዳ በተለይ አስቸጋሪ ነው። ትንሽ ወደ ቀይ ካዘነበለ ሌላ ቦርሳ ይመስላል። የገዛችው ሰው ሳጥኑን ስትከፍት «የታየኝ ይህ አይደለም» ብላ ትመልሰዋለች። ስለዚህ ደንበኛዋ ከየቀለሙ አንድ ቦርሳ ብታመጣላችሁ ጥሩ ነው። ካልሆነ በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ እንድታየውና ከፎቶው ጋር እንድታነጻጽር ጠይቋት።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሞኒተራችሁ ካልዋሸ ነው። የቀለም መለኪያ መሣሪያ ካላችሁ በ6500 ኬልቪንና በጋማ 2.2 አስተካክሉት። ከሌላችሁ ቢያንስ ብርሃኑን ቀንሱ። በጣም ደማቅ ሞኒተር ላይ የሚሠራ ሰው ሳያውቀው ፎቶዎቹን ያጨልማል፤ ለእሱ ግን ደህና ሆነው ይታዩታል።

4. ቦርሳውን መቁረጥና ጥላውን ማትረፍ

አሁን ጠርዙን ቁረጡ። በአንድ ጠቅታ የሚመርጡ መሣሪያዎች ፈጣን ናቸው፤ ግን ቡናማ ቦርሳ ቡናማ ጥላው ላይ ሲያርፍ ወሰኑን ያጡታል። ጠርዙም እንደተበላ ሆኖ ይቀራል። ለቆዳ ቦርሳ ፔን ቱልን የሚተካ የለም። መስመሩን በትክክል ጠርዙ ላይ ሳይሆን አንድ ወይም ሁለት ፒክስል ወደ ውስጥ አድርጋችሁ አስኪዱት። ጠርዙ ላይ ከሄዳችሁ የድሮው ባክግራውንድ እንደ ቀጭን ክር ይከተላችኋል። መስመሩን ወደ ምርጫ ስትለውጡ Feather 0.5 ስጡት፤ ያለ እሱ ጠርዙ በመቀስ የተቆረጠ ወረቀት ይመስላል። ከዚያ በኋላ ማስክ አድርጉት። ፒክስሉን አታጥፉ፤ በማስክ የተሸፈነ ነገር ሁልጊዜ ይመለሳል።

የማንገቻውን ክፍተቶች አትርሱ። በመያዣውና በቦርሳው መሀል ያለው ቀዳዳ ግራጫ ሆኖ መቅረቱ የተለመደ ስህተት ነው። ዘርፉን በፔን ቱል እያንዳንዱን መቁረጥ እብደት ነው። ዋናውን አካል በፔን፣ ዘርፉን ግን ማስኩ ላይ በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ ግለጡት። 45 ደቂቃው የሚሄደው እዚህ ነው።

ቀጥሎ ጥላው። ያለ ጥላ የተቆረጠ ቦርሳ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ብዙዎች በብሩሽ ሐሰተኛ ጥላ ይሥሉለታል፤ ዓይን ግን ይለየዋል። ፎቶው ላይ እውነተኛ ጥላ ካለ እሱን ማትረፍ ይሻላል። እንዲህ ነው፦

1. ከሁሉም በታች ንጹሕ ነጭ ሌየር አስቀምጡ።
2. ከሱ በላይ ያልተቆረጠውን ዋናውን ፎቶ አድርጉና የሌየሩን Blend Mode ወደ Multiply ለውጡት።
3. በዚህ ሌየር ላይ ብቻ የሚሠራ Levels ጨምሩ። የነጩን መያዣ ወደ ግራ እየገፋችሁ ባክግራውንዱ ነጭ እስኪሆን ድረስ ሂዱ፤ ጥላው እስኪጠፋ ግን አትጠብቁ።
4. የቀለም ዝንባሌ ካለው ጥላውን ግራጫ አድርጉት። ከጥላው ርቀው የቀሩ ቆሻሻዎችን በማስክ ሸፍኑ።
5. የተቆረጠውን ቦርሳ ከላይ አስቀምጡ።

«ነጭ ነው» ብላችሁ ዓይናችሁን አትመኑ። 253 እና 255 ለዓይን አንድ ናቸው። ከሁሉም በላይ Threshold የሚባለውን ማስተካከያ ጨምሩና Level 255 ላይ አድርጉት። ፍጹም ነጭ ያልሆነው ሁሉ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ቦርሳውና ጥላው ጥቁር መሆናቸው ትክክል ነው። ከዚያ ውጪ፣ በተለይ በፎቶው ዳር ዳር የሚታይ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ግን ሥራው አላለቀም። ጨርሳችሁ ስታዩ ሌየሩን ማጥፋት አትርሱ።

ከዚያ ቆዳውን ማጽዳት ይመጣል። አቧራ፣ የጣት አሻራና የተንጠለጠለ ክር ይጥፋ። የቆዳው ተፈጥሯዊ መስመርና የስፌቱ ዓይነት ግን የዕቃው ማንነት ነው፤ አትንኩት። የተጣመመ ስፌት ቢኖርስ? ያ አንድ ናሙና ላይ የተፈጠረ ጉዳት መሆኑን ደንበኛዋን ጠይቁ። ሁሉም ቦርሳ ላይ ያለ ከሆነ ፎቶው ላይ ማቃናት ገዢን ማታለል ነው። ኋላ የሚመለሰው ዕቃም የደንበኛዋ ኪሳራ ነው።

የሁሉም መጠን እኩል ይሁን። 2000 በ2000 ፒክስል የሆነ አንድ ባዶ ፋይል አዘጋጁና በመሀሉ 1700 ፒክስል የሆነ ሳጥን በመስመር አስምሩ፤ 85 በመቶው ይህ ነው። እያንዳንዱ ቦርሳ በሰፊው ጎኑ ሳጥኑን ይንካ። መቀመጫውም አንድ መስመር ላይ ይረፍ። በመጨረሻ 24ቱን አሳንሳችሁ አንድ ገጽ ላይ ደርድሯቸው። ለየብቻ ያማሩ የነበሩ ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ የጨለመ ሆኖ ይወጣል። ደንበኛዋ ድረ ገጹ ላይ የምታየው እንዲሁ ተደርድረው ስለሆነ እሷ ከማየቷ በፊት እናንተ እዩት።

5. የሰው ፎቶ ላይ እጅን መሰብሰብ

የቦርሳ ሥራ ትዕግሥት ነው፤ የሰው ፊት ግን ልክ ማወቅ ይፈልጋል። መጀመሪያ ጠይቁ፦ «ፊትሽ ላይ የማይነካ ነገር አለ?» ማርያም የሳመቻትን ቦታ ወይም የልጅነት ጠባሳዋን ያጠፋችሁባት ሴት ፎቶውን ስታየው «ይህ እኔ አይደለሁም» ትላለች። ብዙ ባለሙያዎች የሚሄዱበት መለያ ይህ ነው፦ ከሁለት ሳምንት በኋላ የማይኖር ነገር ይጥፋ። ብጉር፣ ጭረት፣ የደረቀ ከንፈር እዚህ ይገባሉ። ከዚያ በኋላም የሚኖረው፣ እሷ ራሷ አጥፋው ካላለች በቀር፣ ይቆይ።

ባዶ ሌየር ጨምሩና በሂሊንግ ብራሽ ብጉሮቹን እዚያ ላይ አጥፉ። የብራሹ Sample ቅንብር Current & Below ላይ መሆኑን እዩ፤ Current Layer ላይ ከሆነ ባዶው ሌየር ላይ ምንም አይሠራም። ብራሹ ከብጉሩ ትንሽ ብቻ ይለቅ፤ የምትወስዱትም ከአጠገቡ ካለ ቆዳ ይሁን። የጉንጭ ቆዳ ግንባር ላይ ሲለጠፍ ያስታውቃል።

ቀጥሎ ፊቱ ላይ ያለውን የብርሃንና የጨለማ መዘበራረቅ አለስልሱ። ሁለት Curves ሌየር ፍጠሩ፤ አንዱ የሚያበራ፣ አንዱ የሚያጨልም። የሁለቱንም ማስክ ጥቁር አድርጉት። በነጭ ለስላሳ ብራሽ፣ Flow 2 ወይም 3 በመቶ ላይ አድርጋችሁ፣ የጨለሙትን ቦታዎች በማብሪያው፣ ያበሩትን በማጨለሚያው ቀስ እያላችሁ ንኩ። ቀርፋፋ ነው፤ የቆዳው ቀዳዳ ግን ሳይነካ ይቀራል። ቆዳን በማደብዘዝ የሚያለሰልሱ አቋራጮች አሉ። በጥንቃቄ የሚሠራባቸው ሰው አለ፤ አብዛኛው ሰው ግን ሲጠቀምባቸው ፊቱ ላስቲክ ይሆናል።

ከዓይን ሥር ያለ ጥቁረትና የሳቅ መስመር አይጥፋ፤ ይቀንስ። በተለየ ሌየር አጥፉትና የሌየሩን Opacity ወደ 40 ወይም 50 በመቶ መልሱት። ጥርስ ሲሆን ቢጫውን ቀንሱለት እንጂ እንደ ወረቀት አታንጡት። የፊት ወዝ ብርሃን መትቶት ነጭ ሆኖ ከሆነ ከአጠገቡ ባለው የቆዳ ቀለም አስታግሱት፤ ፈጽሞ አታጥፉት፣ ፊት ያለ ብርሃን ጠፍጣፋ ይሆናል። የቆዳዋን ቀለም በራሳችሁ ፈቃድ አታቅሉ። ይህ ኤዲቲንግ አይደለም፤ ሴትየዋን መለወጥ ነው።

ብጉር ስታጠፉ ዙሙን 100 በመቶ አድርጋችሁ ሥሩ፤ የብርሃኑን ሥራ ስትሠሩ ግን ዙሙን ቀንሱት። 300 በመቶ ላይ ተጠግቶ የሚሠራ ሰው ማንም የማያየውን ነገር ሲያጠፋ ይውላል። ስትጨርሱ ሁሉንም ሌየሮች በአንድ ግሩፕ አድርጉና አጥፍታችሁ አብሩት። ልዩነቱ ወዲያው «ኤዲት ተደርጓል» ካሰኘ የግሩፑን Opacity ወደ 70 በመቶ አውርዱት። ብዙ ጊዜ ያ ይበቃል።

6. ማስረከብ

መጀመሪያ የሚላከው ማየት የሚያስችል ትንሽ ቅጂ ነው፤ 1000 ፒክስል፣ ስማችሁ በስሱ የተጻፈበት። 26ቱንም በአንድ ጊዜ ላኩ። አምስት አምስት እያደረጋችሁ ከላካችሁ ማስተካከያውም አምስት አምስት እየሆነ ይመጣል፤ ሁለት ዙር ያላችሁት አሥር ይሆናል። እያንዳንዱ ፋይል ቁጥር ይኑረው፤ ለምሳሌ `bag-07-brown.jpg`። ደንበኛዋም አስተያየቷን በቁጥሩ ትጻፍ። «ያኛው ቦርሳ» ከሚል መልእክት ያድናችኋል።

ማስተካከያና አዲስ ሥራን ለዩ። «7 ቁጥር ጥላው ከበደ» ማስተካከያ ነው። «ሁሉም ባክግራውንድ ግራጫ ይሁን» አዲስ ሥራ ነው፤ አዲስ ዋጋ አለው። «ቡናማው ልክ አይደለም» የሚል ቢመጣ ደግሞ ወዲያው መቀየር አትጀምሩ። በየትኛው ስልክ እንዳየችው ጠይቁ። አንዳንድ ስልኮች ቀለምን የሚያደምቅ ቅንብር አላቸው። በሌላ ስልክም ከቦርሳው ጋር አስተያይታ አሁንም ልክ ካልሆነ እውነቷን ነው፤ አስተካክሉ።

ስትስማሙና ቀሪው ክፍያ ሲገባ ሙሉውን መጠን አውጡ። ለድረ ገጽ JPEG በsRGB ቀለም ይሁን። ስትሠሩ የነበረው Adobe RGB ላይ ከሆነ Convert to Profile ተጠቀሙ፤ Assign Profile የሚለው ቁጥሩን ሳይነካ ትርጉሙን ስለሚለውጥ ቀለሙን ያበላሸዋል። ሳይቀየር የወጣ ፎቶ አንዳንድ ስክሪን ላይ የደከመና የገረጣ ሆኖ ይታያል። የራሷን ፎቶ ማተም ከፈለገች ለኤ4 ወረቀት በ300 ፒፒአይ 2480 በ3508 ፒክስል ያስፈልጋል። ለድረ ገጽ የወጣውን ትንሽ ፋይል ወስዳ እንዳታትም ለየብቻ ፎልደር አድርጉት።

አላላኩ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከሄደ አሳንሶ ይጨምቀዋል፣ ድካማችሁም አብሮ ይጨመቃል። ዋትሳፕም ላይ እንደ ዶክመንት አድርጉት። እኔ የሚቀናኝ የጉግል ድራይቭ ሊንክ ነው፤ ደንበኛው ስልክ ቢቀይርም አያጣውም።

ሌየሮቹ ያሉበትን ዋና ፋይል አብሮ መስጠት ግዴታችሁ አይደለም። ከጠየቀች ለብቻው ዋጋ አውጡለት። በፊትና በኋላ የሚል ናሙና ለራሳችሁ ማሳያ ልታደርጉ ከፈለጋችሁም በጽሑፍ አስፈቅዱ፤ የሰው ፊት ከሆነ ደግሞ ይበልጥ። ፋይሎቹን ለሦስት ወር እንደምታቆዩ፣ ከዚያ በኋላ እንደምታጠፉ በርክክቡ መልእክት ላይ ጻፉላት።